የጓንት ጣት ጫፍ ባዶ ሲቀር፦ የልክ ችግርና መፍትሄው

ጓንቱን አጥልቀው የጣቶቹ ጫፍ ባዶ ሆኖ ሲታጠፍ ብዙ ሰዎች «ሰፋኝ» ብለው አንድ ቁጥር ዝቅ ያለውን ይገዛሉ። በርካታ ጊዜ ግን የችግሩ መነሻ የተገላቢጦሹ ነው፤ ጓንቱ መዳፍ ላይ ስለጠበበ እጅ እስከ መጨረሻው አልገባም፣ ስለዚህ ጣቶቹ ጫፍ ሳይደርሱ በመንገድ ቀርተዋል።

ሁለቱን ለመለየት መታየት ያለበት የጣቶቹ ጫፍ ሳይሆን የጣቶቹ ሥር ነው። በሌላው እጅ በጣቶቹ መካከል ያለውን ጨርቅ ወደ ታች ገፋ አድርገው ይመልከቱ። ጨርቁ በጣቶቹ መጋጠሚያ ላይ በደንብ ተቀምጦ ሳለ ጫፉ ባዶ ከሆነ ጓንቱ በእርግጥ ረዝሟል። ጨርቁ ከመጋጠሚያው ከፍ ብሎ ከተንጠለጠለና በተገፋ ቁጥር ተመልሶ የሚነሣ ከሆነ ግን ጓንቱ ጠቧል፤ መፍትሄውም ቁጥር መጨመር እንጂ መቀነስ አይደለም።

ይህ ስህተት የሚመጣው አንድ ቁጥር ሁለት መለኪያዎችን ስለሚሸከም ነው። በአውሮፓ ለረጅም ዓመታት በተሠራበት ኢኤን 420 በተባለው የመከላከያ ጓንት ደረጃ መሠረት፣ 8 ቁጥር 203 ሚሊ ሜትር የመዳፍ ዙሪያና 182 ሚሊ ሜትር ርዝመት ላለው እጅ የሚሆን ሲሆን፣ 9 ቁጥር ደግሞ 229 ዙሪያና 192 ርዝመት ላለው ነው። (ቁጥሩ ራሱ በኢንች የተለካው የመዳፍ ዙሪያ መሆኑን ልብ ይሏል።) ዙሪያው የሚለካው ጣቶችን ገጥሞ እጅን በመዘርጋት፣ በአውራ ጣትና በጠቋሚ ጣት መካከል ካለው መጋጠሚያ 20 ሚሊ ሜትር ያህል ወደ ጣቶቹ ከፍ ብሎ፣ አውራ ጣትን ሳይጨምሩ፣ በልብስ ሰፊ ሜትር ነው። ርዝመቱ ደግሞ ከእጅ አንጓ እስከ መሃል ጣት ጫፍ ይወሰዳል።

የመዳፉ ዙሪያ 226፣ የእጁ ርዝመት 183 ሚሊ ሜትር የሆነ አንድ አናጢ እንውሰድ። በርዝመቱ 8፣ በዙሪያው 9 ቁጥር ነው። 8 ቁጥር የቆዳ ጓንት ሲያጠልቅ መዳፉ ስለሚይዘው ጫፉ ባዶ ይቀራል፤ በዚህ ተታሎ 7 ከገዛ ደግሞ ጭራሽ ይብስበታል። ትክክለኛው 9 ነው። በዚያም ቢሆን ርዝመቱ 9 ሚሊ ሜትር ያህል ይተርፋል፤ ነገር ግን ትርፉ በመዳፉና በጣቶቹ ላይ ስለሚከፋፈል ጣቱ ጫፍ ላይ የሚታየው ከግማሹ ብዙም አይበልጥም፣ ይህም ሚስማር ለማንሣት ያስቸግር ይሆናል እንጂ ጣውላ ለመሸከም አያግድም። የተሸመነና መዳፉ በጎማ የተለበጠ ጓንት ከሆነ ስለሚለጠጥ 8ንም ሞክሮ ማየት ይገባዋል። የቆዳ ጓንት ግን ሲለበስ ጥቂት ወደ ጎን ቢሰፋም ርዝመቱ እምብዛም አይጨምርም፤ ስለዚህ ቀጭንና ረዥም እጅ ያለው ሰው «ይለቃል» ብሎ አጭሩን ቢገዛ ጥፍሩ ጫፉን መውጋቱን አያቆምም።

ይኸው አናጢ ለብስክሌት ጣቱ የተቆረጠ ጓንት ሲገዛ የርዝመቱ ጉዳይ ከሞላ ጎደል ይቀርለታል፤ የሚመርጠው በዙሪያው ብቻ ነው። የብስክሌት ጓንት አምራቾች በፊደል የሚጽፉት ልክ ከአንዱ ወደ ሌላው ስለሚለያይ፣ የሚታየው ፊደሉ ሳይሆን ከጎኑ በሴንቲ ሜትር የተጻፈው መሆን አለበት። ሙከራውም በተዘረጋ እጅ ሳይሆን መሪ በጨበጠ እጅ ይደረግ፤ ጥቂት ደቂቃ ጨብጠው ጓንቱን ሲያወልቁ መዳፍዎን አቋርጦ ቀይ መስመር ካገኙ ጨርቁ ሰፍቶ ተሸብሽቧል፣ መስመሩ በጣቶቹ ሥር ዙሪያ ከሆነ ደግሞ ጠቧል።

የቀለበት ጣትና ትንሿ ጣት የሚደነዝዙ ከሆነ፣ በትንሿ ጣት በኩል በመዳፉ ግርጌ የሚያልፈው ነርቭ ተጭኗል ማለት ሊሆን ይችላል። ጓንቱ ሲሰፋ መዳፉ ላይ ያለው ስፖንጅ ከቦታው ይንሸራተትና ጫናው በዚያ ነርቭ ላይ ያርፋል፤ ልኩ ሲስተካከል ስፖንጁ ቦታውን ይይዛል። በልክ ጓንትም ድንዛዜው ከቀጠለ ግን ጥፋቱ የጓንት አይደለም። መቀመጫው ወደ ፊት አዘንብሎ ወይም መሪው ርቆ የሰውነት ክብደት እጅ ላይ እንዳያርፍ ብስክሌቱን ማስተካከል፣ ከብስክሌት ከወረዱ በኋላም የማይለቅ ከሆነ ሐኪም ማየት ያስፈልጋል።