ፋሲካን በባሕረ ሐሳብ ሲያወጡ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

በደብረ ብርሃንም ሆነ በመንዝ ባሕረ ሐሳብን አዲስ የሚጀምሩ የሰንበት ተማሪዎች ብዙ ጊዜ የሚሳሳቱት በማባዛቱ ሳይሆን በሦስት ትናንሽ ቦታዎች ነው። የ2019ን ፋሲካ እያወጣን እንያቸው።

ለዘመን አንድ አለመቀነስ። 5500 ላይ 2019 ሲደመር ዓመተ ዓለሙ 7519 ይሆናል። ለ19 ሲካፈል 14 ይተርፋል። የያዝነው ዓመት ገና ስላልተፈጸመ አንድ ይቀነስለታል፤ ወንበሩ 13 ነው። 13 በ19 ሲባዛ 247፣ በ30 ሲገደፍ 7 ይቀራል፤ መጥቅዑ 7 ነው። አንዱን የረሳ ሰው ግን በ14 አባዝቶ መጥቅዑን 26 ያደርግና ፋሲካን ሚያዝያ 10 ላይ ያሳርፋል። ቀኑ እሑድ ስለሆነ ስህተቱ ዐይን አይስብም፤ ከሁሉ የሚያስፈራው ይህ ነው። ቀሪው 1 ሲሆን ደግሞ ወንበሩ አልቦ፣ መጥቅዑ 30 ይባላል፤ 2006 እንዲህ ነበር።

የመጥቅዑን ወር ማሳሳት። መጥቅዕ ከ14 ከበለጠ በመስከረም፣ ካነሰ በጥቅምት ይውላል። 14 ራሱ በየትኛውም ወንበር አይወጣም። ስለዚህ የ2019 በዓለ መጥቅዕ ጥቅምት 7 ነው። መስከረም 1 ዓርብ ስለሚውል ጥቅምት 7 ቅዳሜ ይሆናል።

ለቅዳሜ 1 መስጠት። በዓለ መጥቅዕ እንደዋለበት ዕለት በመጥቅዑ ላይ የሚደመረው የዕለታት ተውሳክ ከቅዳሜ 8 ጀምሮ ይወርዳል፤ እሑድ 7፣ ሰኞ 6፣ ማክሰኞ 5፣ ረቡዕ 4፣ ሐሙስ 3፣ ዓርብ 2። ቅዳሜን 1 ያለ ሰው ጾመ ነነዌን ሳምንት ያስቀድማል፤ ሰኞ ስለሚውልለትም ትክክል ይመስለዋል። በእኛ ስሌት 7 እና 8 ተደምረው መባጃ ሐመሩ 15 ይሆናል።

መባጃ ሐመሩ ጾመ ነነዌ የምትገባበት ቀን ነው፤ ከዚህ በኋላ የሚቀረው ወሩን መለየት ነው። በዓለ መጥቅዕ ጥቅምት ከዋለ ነነዌ ምንጊዜም በየካቲት ነው። መስከረም ከዋለ ድምሩ እስከ 30 ከሆነ በጥር፣ ካለፈ 30 ተገድፎ በየካቲት ይገባል። በ2017 መጥቅዑ 29፣ ቀኑ ረቡዕ ነበር፤ 33 ሆኖ 3 ቀረ፣ ነነዌም የካቲት 3 ገባ። ይህን ጥር 3 ያለ ሰው በቀላሉ ይታወቅበታል፤ ነነዌ ከጥር 17 በፊትም ከየካቲት 21 በኋላም አትገባም።

የ2019 ነነዌ እንግዲህ የካቲት 15 ነው። የፋሲካ ተውሳክ 9 ነው፤ ሲደመር 24። ወሩ ከነነዌ ሁለት ወር ስለሚርቅ ፋሲካ ሚያዝያ 24 ይውላል። ነነዌ በጥር ስትገባ ፋሲካ መጋቢት ላይ ይመጣል፤ ድምሩ ከ30 ካለፈ ግን ወደ ሚያዝያ ይሻገራል። የ2018 ነነዌ ጥር 25 ስለነበረ 34 ሆኖ ፋሲካው ሚያዝያ 4 ዋለ።