ለኤንክሌክስ በስድስት ወር ሲዘጋጁ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

በአዲስ አበባ ዳርቻ፣ ቱሉ ዲምቱ አካባቢ የምንኖር ጥቂት ነርሶች ለአሜሪካው የነርሶች ፈቃድ ፈተና፣ ለኤንክሌክስ፣ ቅዳሜ ከሰዓት እየተሰበሰብን እናጠናለን። ከታች የምዘረዝራቸውን ስህተቶች በራሴም ሆነ በጓደኞቼ ላይ ደጋግሜ አይቻቸዋለሁ።

የመጀመሪያው፣ አራት ወር መጽሐፍ ብቻ አንብቦ ጥያቄዎችን ለመጨረሻ ማቆየት ነው። ፈተናው ከሚያዝያ 2023 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በአዲስ መልክ የሚሰጥ ሲሆን፣ የአንድን ታካሚ ሁኔታ ተከታትሎ መወሰንን አጥብቆ ይለካል። ይህ ደግሞ በንባብ ብቻ አይመጣም። ስለዚህ ስለ ልብ ያነበበ ሰው በዚያው ቀን ስለ ልብ ሃያ ያህል ጥያቄ ይሥራ።

ሁለተኛውና ብዙዎቻችንን ያዘገየን ስህተት፣ ውጤትን ቆጥሮ ማለፍ ነው። የቀዶ ሕክምና ክፍል ነርስ የሆነች ጓደኛችን በየቀኑ 75 ጥያቄ ብትሠራም ውጤቷ ለሳምንታት ፈቀቅ አላለም። የሳተቻቸውን አብረን ስንመረምር አንዱ እንዲህ የሚል ነበር፦ ከወለደች ሁለት ሰዓት የሆናት እናት ፓዷ በ15 ደቂቃ ውስጥ በደም ርሷል፣ ማህፀኗም ሲዳሰስ ልል ነው፤ ነርሷ መጀመሪያ ምን ታድርግ? ጓደኛችን «ሐኪም መጥራት» የሚለውን መረጠች። ማህፀኑ መታሸት እንዳለበት ግን በሚገባ ታውቅ ነበር። «እኛ ክፍል መጀመሪያ ሐኪም ነው የሚጠራው» አለችን። የጎደላት እውቀት ሳይሆን ቅደም ተከተል ነበር፤ ነርሷ ወዲያውኑ በእጇ ልታደርገው የምትችለው ሕይወት አድን ተግባር ካለ፣ ጥሪው ከዚያ በኋላ ይመጣል። ማህፀኑ ጠንካራ ሆኖ ደማቅ ቀይ ደም መፍሰሱ ቢቀጥል ግን የወሊድ መንገድ መቀደድ ስለሚጠረጠር፣ ማሸት አይጠቅምምና ሐኪም መጥራት ትክክል ይሆናል። ከዚያ ወዲህ ጓደኛችን በደብተሯ ላይ ከእያንዳንዱ ስህተት አጠገብ «አላውቀውም»፣ «ጥያቄውን አላነበብኩትም» ወይም «ቅደም ተከተል» ብላ ትጽፋለች፤ የሚቀጥለውን ሳምንት የምታቅደውም በብዛት የተጻፈውን አይታ ነው።

ሦስተኛው የመድኃኒት ስም ነው። እኛ ፓራሲታሞል፣ ሳልቡታሞል፣ ፔቲዲን የምንላቸው በፈተናው አሴታሚኖፌን፣ አልቡተሮል፣ ሜፔሪዲን ተብለው ስለሚመጡ፣ ከመጀመሪያው ሳምንት ጀምሮ በአሜሪካው ስማቸው መያዝ ይገባል።

የመጨረሻው ወረቀቱንና ጥናቱን ማምታታት ነው። የትምህርት ማስረጃ ግምገማው ጊዜ ስለሚወስድ በመጀመሪያው ወር መጀመር ሲኖርበት፣ የፈተና ምዝገባው ግን ጥናቱ ወደ ማለቂያው ሲቃረብ ቢሆን ይመረጣል፤ ለመፈተን የሚሰጠው ፈቃድ በአማካይ ለ90 ቀናት ብቻ የሚያገለግልና የማይራዘም በመሆኑ፣ ካለፈ እንደገና መመዝገብና መክፈል ግድ ይሆናል። ሲመዘገቡም የራስን፣ የአባትንና የአያትን ስም በፓስፖርቱ ላይ ባለው የእንግሊዝኛ አጻጻፍ ፊደል በፊደል ይጻፉ፤ በፈተናው ዕለት መታወቂያው ከምዝገባው ስም ጋር ካልተስማማ አያስገቡም።