ቴርሞዳይናሚክስ ፈተና ላይ ነጥብ የሚያስጥሉ ስህተቶች

የኢንጂነሪንግ ተማሪዎችን ሳስጠና ሁሌም የማቀርባት አንዲት ጥያቄ አለች። አንድ ሰው አዲስ የሙቀት ሞተር ሠራሁ ይላል። ሞተሩ 327 ዲግሪ ሴልሺየስ ከሆነ ምንጭ 1000 ኪሎጁል ሙቀት ይወስዳል፣ 550 ኪሎጁል ሥራ ይሰጣል፣ የቀረውን 450 ኪሎጁል 27 ዲግሪ ወደሆነ አካባቢ ይጥላል። እንዲህ ያለ ሞተር ሊኖር ይችላል? መልሱ አይችልም ነው። «ይችላል» ብለው የሚጽፉት ግን ብዙ ናቸው፤ የሚሳሳቱበት ቦታም ይለያያል።

በኢነርጂ ጥበቃ ብቻ መቆም

550 እና 450 ሲደመር 1000 ይመጣል። ሂሳቡ ስለገጠመ ተማሪው «ይችላል» ብሎ ወደሚቀጥለው ጥያቄ ያልፋል። የመጀመሪያው ሕግ የሚጠይቀው የገባውና የወጣው እኩል መሆኑን ብቻ ነው። ከሙቀቱ ምን ያህሉ ወደ ሥራ መለወጥ እንደሚችል የሚወስነው ሁለተኛው ሕግ ነው። ጥያቄው ሁለት ቴምፕሬቸር ከሰጣችሁ ሁለተኛውን ሕግ እንድትፈትሹበት ነው።

ሴልሺየስን ቀመር ውስጥ መክተት

ካርኖ በ1824 እንዳሳየው፣ የማንኛውም ሞተር ብቃት ጣሪያ በሁለቱ ቴምፕሬቸሮች ይወሰናል። ዛሬ የምንጽፈው እንዲህ ነው፦

```
η = 1 - Tc/Th
```

27ን ለ327 አካፍሎ ከ1 የቀነሰ ተማሪ 91.7 በመቶ ያገኛል። የሞተሩ 55 በመቶ ከዚያ በታች ስለሆነ ችግር የለውም ይላል። በኬልቪን ግን 300 እና 600 ናቸው፤ ጣሪያው 50 በመቶ ነው። ስለዚህ 55 አይሆንም።

ስህተቱ የሚመጣው ከልማድ ነው። ውሃ ስናሞቅ የምንፈልገው የቴምፕሬቸር ልዩነት ነው፤ ልዩነት በሴልሺየስም በኬልቪንም አንድ ነው። ማካፈል ሲመጣ ግን ኬልቪን ግድ ነው። ከተጠራጠራችሁ ቀዝቃዛውን ጎን 0 ሴልሺየስ አድርጋችሁ ሞክሩት። ብቃቱ 100 በመቶ ይወጣል፤ ሙቀት በበረዶ ላይ የሚጥል ሞተር ሁሉ ምንም ሳያባክን ይሠራል ማለት ነው።

የኢንትሮፒን ምልክት ከማን አንፃር እንደሆነ መርሳት

ጎበዝ የሚባሉትም የሚወድቁት እዚህ ላይ ነው። በሞተሩ በኩል ያስባሉ፦ ሙቀት ገባ፣ ስለዚህ 1000 ለ600፣ ፕላስ 1.667። ሙቀት ወጣ፣ 450 ለ300፣ ማይነስ 1.5። ድምሩ ፕላስ 0.167። «ኢንትሮፒ ጨመረ፣ ስለዚህ ይቻላል» ብለው ይደመድማሉ።

ቁጥሩ ትክክል ነው፣ ድምዳሜው ግን ተገልብጧል። ሞተሩ ዑደቱን ጨርሶ ወደ ነበረበት ስለሚመለስ የራሱ የኢንትሮፒ ለውጥ ዜሮ ነው። መቁጠር ያለባችሁ ምንጩንና አካባቢውን ነው። ምንጩ ሙቀት ሰጥቷል፣ ማይነስ 1.667። አካባቢው ተቀብሏል፣ ፕላስ 1.5። ድምሩ በኬልቪን ማይነስ 0.167 ኪሎጁል ነው። የሁሉም ድምር ማይነስ ከሆነ ሞተሩ አይኖርም።

እኔ የማደርገው ይኸውላችሁ፦ ከስሌቱ በፊት ሦስት ሳጥን እሥላለሁ፣ ምንጭ፣ ሞተር፣ አካባቢ። በእያንዳንዱ ውስጥ የራሱን ለውጥ ከነምልክቱ እጽፋለሁ። ሥራው 400 ቢሆን ኖሮ የሚጣለው 600 ይሆናል፤ አካባቢው ፕላስ 2 ያገኛል፤ ድምሩ ፕላስ 0.333 ስለሚሆን ይቻላል። የምንጩ ኢንትሮፒ ብቻውን መቀነሱ ሕግ አይጥስም።

«ሙቀት» የሚለው ቃል

በአማርኛ ስናስብ «ሙቀት» ሁለት ነገር ይሆንብናል፤ የሚተላለፈው ኢነርጂም ሙቀት ነው፣ ቴርሞሜትር የሚያነበውም ሙቀት ነው። ስለዚህ «አዲያባቲክ፣ ሙቀት አይገባም አይወጣም» ሲባል «ቴምፕሬቸሩ አይለወጥም» ብለን እንረዳዋለን። የብስክሌት ጎማ በእጅ ፓምፕ ቶሎ ቶሎ የነፋ ሰው የፓምፑ ጫፍ እንደሚግል ያውቃል። አየሩን ያጋለው የክንዳችሁ ሥራ ነው እንጂ ከውጭ የገባ ሙቀት አይደለም። ለዚህ ነው ደብተሬ ላይ ቴርሞሜትር የሚያነበውን ሁሌም «ቴምፕሬቸር» ብዬ የምጽፈው።

የዚሁ ዘመድ የሆነ ሌላ ስህተት አለ፦ «አዲያባቲክ ከሆነ ኢንትሮፒ አይለወጥም»። ይህ እውነት የሚሆነው ሂደቱ ሪቨርሲብልም ከሆነ ብቻ ነው። ሙቀት በማያስተላልፍ ታንክ ውስጥ 1 ኪሎግራም አየር በግማሹ ታጥሮ፣ ሌላው ግማሽ ባዶ ይሁን። መጋረጃው ሲቀደድ አየሩ ሁሉንም ይሞላል። ሙቀት አልገባም፣ ሥራም አልተሠራም፣ አየሩን እንደ አይዲያል ጋዝ ከወሰድን ቴምፕሬቸሩም ያው ነው። ኢንትሮፒው ግን፦

```
ΔS = m R ln(V2/V1) = 1 × 0.287 × ln 2 = 0.199 kJ/K
```

ሙቀቱን ለቴምፕሬቸር አካፍሎ ዜሮ የጻፈ ተማሪ፣ ያ ቀመር የሚሠራው ለሪቨርሲብል መንገድ መሆኑን ረስቷል። ኢንትሮፒ መነሻና መድረሻን ብቻ ነው የሚያየው። ስለዚህ በሁለቱ መካከል ቴምፕሬቸሩ ሳይለወጥ ቀስ ብሎ የሚሰፋ ሪቨርሲብል መንገድ መርጣችሁ በእሱ ታሰላላችሁ።