የወር አበባሽ ሲቀር «ልምምዱ ሰርቶልኛል» አትበይ

«ኮች፣ የወር አበባዬ ከቀረ አምስት ወሩ ነው፤ ተገላገልኩ!» ይህን ከሯጮቼ ስንቴ ሰምቻለሁ። እኔም ስሮጥ እንዲሁ ነበር የማስበው። የገባኝ የቅልጥሜ አጥንት ሲሰነጠቅ ነው።

መቅረቱ የጥንካሬ ምልክት አይደለም። የምትበዪው ለሩጫውም ለሰውነትሽም ካልበቃ፣ ሰውነት ልብን አያቆምም፤ መውለድን ነው የሚያቆመው። አንጎል ወደ እንቁልጢ የሚልከው ትእዛዝ ይቀዘቅዛል፣ እንቁላል መለቀቁ ይቀራል፣ አጥንትን የሚጠብቀው ሆርሞን ኢስትሮጅን ይወርዳል። ከዚያ አጥንት ይሳሳል።

ሁለተኛው ስህተት «እበላለሁ እኮ፣ ኪሎዬም አልቀነሰም» ማለት ነው። ሰውነት ወጪውን ስለሚቆጥብ ኪሎ ላይቀንስ ይችላል። አንዷን ሯጬን ውሰዱ። 48 ኪሎ ናት፤ ስቡ ሲወጣ 40 ገደማ። ዐቢይ ጾም ላይ ጠዋት ሱሉልታ 16 ኪሎ ሜትር ትሮጣለች፣ ወደ 750 ካሎሪ ይሄዳል። እስከ ዘጠኝ ሰዓት አትቀምስም። ከዚያ ሽሮና ጎመን ሆዷን ቶሎ ይሞሉታል፤ የቀኑ ሁሉ ተደምሮ 1,700 ገደማ ነው። ከሩጫው የተረፈው 950 ለ40 ኪሎው ሲካፈል ለአንድ ኪሎ 24 ካሎሪ አይሞላም። በቂ የሚባለው 45 አካባቢ ነው፤ ከ30 በታች ሲወርድ የብዙ ሴቶች ሆርሞን ይዛባል። በቀን 850 ያህል ይጎድላት ነበር ማለት ነው።

በአንዴ አልሞላነውም። ከንስሐ አባቷ ጋር ተነጋግራ ጠዋት እንድትበላ ተፈቀደላት። ከሩጫ በኋላ ልብሷን ሳትቀይር በሶ በስኳር፣ ከሰዓት ሁለት ጭብጥ ለውዝ፣ ማታ ሩዝ ወይም ድንች ጨመርን። በሳምንት አንድ ሩጫም ቀነስን።

አሁን የሚያናድደኝ ስህተት። «ሐኪም ቤት ሄጄ ኪኒን ሰጡኝ፣ መጣልኝ» ትለኛለች አንዷ ሯጭ፣ ፊቷ በደስታ በርቶ። የኔ ልጅ፣ አልመጣም! የወሊድ መቆጣጠሪያ ኪኒን ሲቋረጥ የሚፈሰው ደም የኪኒኑ ነው እንጂ የአንቺ አይደለም። አንጎልሽ አሁንም ዝም ብሏል፣ አጥንትሽም አልተጠበቀም፤ ይባስ ብሎ ዋናውን ምልክት ሸፈነብሽ። ለወሊድ መቆጣጠሪያ ከፈለግሽው ሌላ ጉዳይ ነው፤ ለዚህ ግን መድኃኒቱ ምግብ ነው። ምግቡ ሳይሠራ ወራት ካለፉ ሐኪሙ በቆዳ ላይ የሚለጠፍ ኢስትሮጅን ሊያስብ ይችላል።

ሦስት ወር ከቀረብሽ ሐኪም ጋ ሂጂ። እርግዝና፣ ታይሮይድና ፕሮላክቲን የሚባለው ሆርሞን ይታዩ። ሁልጊዜ በረሃብ ብቻ አይደለም የሚቀረው።

እና አትቸኩሉ። ያቺ ስትጾም የነበረችው ልጅ በሦስተኛው ወር 2 ኪሎ ጨምራ አለቀሰች፤ የወር አበባዋ የመጣው በሰባተኛው ነው። ሌላዋ ዓመት አልፏታል። እንቁላል ከመጀመሪያው ደም በፊት ስለሚለቀቅ፣ «ገና አልመጣልኝም» ብሎ መዘናጋት ያስረግዛል።

የመጀመሪያዋ ልጅ ሁለተኛ ዙር ከ50 ቀን በኋላ መጣ፣ ሦስተኛው ከ36። በሶውን አላቆምንም።