የሰዓት ክፍያን ወደ ዓመት ስትቀይሩ የምትሳሳቱት

አሜሪካ ውስጥ በሰዓት 20 ዶላር የሚከፈለውን ሰው በዓመት ስንት እንደሚያገኝ ብትጠይቁት 41,600 ይላችኋል። 20 ሲባዛ በ2,080 ማለት ነው። 2,080 የመጣው ከ40 ሰዓት በ52 ሳምንት ነው፤ አንድም ቀን የማይቀር ሰው ሂሳብ።

ምሳን መቁጠር። ከ8 እስከ 4 ሰዓት ፈረቃ ገብታችሁ የግማሽ ሰዓት ምሳ የማይከፈል ከሆነ፣ የሚከፈላችሁ ለ7 ሰዓት ተኩል ነው። በሳምንት 37.5 ሰዓት፣ 750 ዶላር። በ52 ሳምንት 39,000። ይኸው፣ ገና አንድም ቀን ሳትቀሩ 2,600 ዶላር በምሳ ሄደ። ፔይ ስታባችሁ ላይ ያለውን የሰዓት ቁጥር እዩ እንጂ በር ላይ የተለጠፈውን ፕሮግራም አትመኑ።

በዓል ይከፈላል ብሎ ማሰብ። የፌዴራል ሕግ የግል አሠሪን ለበዓልም ለዕረፍትም ክፈል ብሎ አያስገድድም። ስለዚህ አሠሪው በራሱ ፈቃድ ካልከፈለ፣ ድርጅቱ ሲዘጋ ያንተም ክፍያ ይዘጋል። ሜሪላንድ ያለ ሰው እንውሰድ፦ ድርጅቱ ታንክስጊቪንግን ጨምሮ 6 ቀን ይዘጋል፣ ሰውየው ለገናና ለስቅለት 2 ቀን ይቀራል (ፋሲካ እሁድ ስለሆነ ችግር የለውም)፣ አገር ቤት ሲሄድ ደግሞ 3 ሳምንት፣ ማለትም 15 የሥራ ቀን። ድምሩ 23 ቀን ነው። ቀኑ 150 ዶላር ስለሆነ 3,450 ይቀነሳል፣ 35,550 ይቀራል። በዓሉ ከአገር ቤት ጉዞው ጋር ከተገጣጠመ ግን ሁለቴ አትቀንሱት። የሕመም ቀንም ዝም ብላችሁ አትቀንሱ፤ ሜሪላንድ ውስጥ 15ና ከዚያ በላይ ሠራተኛ ያለው ድርጅት የሕመም ፈቃድ በክፍያ እንዲሰጥ ሕጉ ያዘዋል።

ወርን 4 ሳምንት ማድረግ። 750 በ4፣ ከዚያ በ12፣ 36,000 ይሆናል። ከትክክለኛው ጋር ይቀራረባል፣ ግን ያው በአጋጣሚ ነው፤ 4 ሳምንት ሳይታወቃችሁ ወድቋል። ይሄን ይዛችሁ በዓሉን ደግሞ ከቀነሳችሁ 32,550 ላይ ትደርሳላችሁና ከእውነቱ ትወርዳላችሁ። ሁልጊዜ ከ52 ጀምሩ። በየሁለት ሳምንቱ የሚከፈለው ሰው በዓመት የሚደርሰው 26 ቼክ ነው፣ 24 አይደለም።

የበዓል ሳምንት ቅዳሜን ኦቨርታይም ማለት። ታንክስጊቪንግ ሐሙስ ዘግተው ቅዳሜ ብትገቡ በሳምንቱ የሠራችሁት ያው 37.5 ሰዓት ነው። አንድ ተኩሉ የሚጀምረው በእርግጥ የተሠራው ከ40 ሰዓት ሲያልፍ ነው። በዓሉ ቢከፈላችሁ እንኳ ያ ሰዓት ከ40ው ውስጥ እንዲቆጠር የፌዴራል ሕግ አያስገድድም።

ይሄ ሁሉ የሚጠቅመው ሌላ ሥራ ሲመጣ ነው። በዓልና ዕረፍት የሚከፈልበት የ38,000 ዶላር ደመወዝ ቀርቦለት «እኔ 41,600 እያገኘሁ» ብሎ የሚመልስ ሰው፣ ኢንሹራንሱን ሳንጨምር 2,450 ዶላር ጥሎ ሄዷል።