ትልቁ ጀሪካን ሁልጊዜ አይረክስም፦ የመደርደሪያ ዋጋ ስናነብ የምንሠራቸው ስህተቶች

አራት ኪሎም ሆነ ሜክሲኮ አካባቢ አንዱ ሱፐርማርኬት ግቡና የምግብ ዘይት መደርደሪያው ፊት ቁሙ። 900 ሚሊ ሊትር አለ፣ 1 ሊትር አለ፣ 3 ሊትር አለ፣ 5 ሊትር አለ፣ ከጎኑ ደግሞ በሊትር ሳይሆን በኪሎ የተጻፈበት ጀሪካን ይኖራል። ሁሉም ስሩ ላይ ዋጋ ተለጥፎለታል። የትኛው ነው የሚረክሰው? በዓይን ገምቶ መመለስ አይቻልም፣ ግን በአንድ ደቂቃ ሒሳብ ይመለሳል። የሚያስፈልገው ነጠላ ዋጋውን ማወቅ ነው፣ ማለትም የአንዱ ሊትር፣ የአንዱ ኪሎ ወይም የ100 ግራሙ ዋጋ ስንት እንደሆነ። ሒሳቡ ቀላል ቢሆንም ብዙ ሰው የሚሳሳትባቸው ቦታዎች አሉ፣ በተራ እንያቸው።

ስህተት 1፦ ትልቁን ቁጥር ብቻ ማየት

የዋጋ ወረቀቱ ላይ በትልቁ የሚጻፈው ካሸር ጋር የምትከፍሉት ነው። አንዳንድ ሱቅ ከስሩ በትንሽ ፊደል የኪሎውን ወይም የሊትሩን ዋጋ ይጨምራል። ለማወዳደር የሚጠቅመው ይኼ ትንሹ ቁጥር ነው። ትልቁ ቁጥር የሚነግራችሁ ኪሳችሁ ይችለዋል ወይ የሚለውን ብቻ ነው።

ብዙ ቦታ ግን ትንሹን ቁጥር አታገኙትም። አዋጅ ቁጥር 813/2006 ነጋዴው ዋጋውን በግልጽ እንዲለጥፍ ያስገድደዋል፣ የተለጠፈው ዋጋም ታክስን ያካተተ መሆን አለበት። ስለዚህ ጠቅላላ ዋጋው አለ፣ መጠኑ ደግሞ እሽጉ ላይ ተጽፏል። የቀረውን ስልካችሁ ላይ ያለው ካልኩሌተር ይሠራዋል፦ ዋጋውን ለግራሙ ወይም ለሚሊ ሊትሩ አካፍሉ፣ ከዚያ በ1000 አባዙ። 450 ግራም ፓስታ 72 ብር ከሆነ፣ 72 ሲካፈል ለ450፣ ሲባዛ በ1000፣ ኪሎው 160 ብር መጣ ማለት ነው። አጠገቡ ያለው 500 ግራም 78 ብር ከሆነ ደግሞ ኪሎው 156 ነው። ትልቁን ቁጥር ብቻ ያየ ሰው 72ቱን ያነሳል፣ ኪሎው ግን በ4 ብር ተወዶበታል። እዚህም ሆነ ከታች የምጠቅሳቸው ዋጋዎች ለሒሳቡ ምሳሌ እንዲሆኑ የተወሰዱ ናቸው፣ እናንተ መደርደሪያው ላይ ያለውን አስገቡ።

ስልክ ማውጣት ካልፈለጋችሁም መንገድ አለ። 250 ግራም ከሆነ በ4 ማባዛት ነው። 500 ከሆነ እጥፍ። 750 ከሆነ ለ3 አካፍሎ በ4 ማባዛት። 900 ከሆነ ለ9 አካፍሎ በ10 ማባዛት።

ስህተት 2፦ ትልቅ እሽግ ይረክሳል ብሎ መደምደም

ይኼኛው በጣም የተለመደ ነው፣ ብዙ ብር የሚያስወጣውም እሱ ነው። ወደ ዘይቱ እንመለስ። አንድ ዓይነት ዘይት፣ አንድ አምራች፣ አራት መጠን፦ 900 ሚሊው 261 ብር፣ 1 ሊትሩ 280፣ 3 ሊትሩ 870፣ 5 ሊትሩ 1,350።

አሁን ሁሉንም ወደ ሊትር እናምጣቸው። 900 ሚሊው በሊትር 290 ይመጣል። 1 ሊትሩ ያው 280 ነው። 3 ሊትሩ ለ3 ሲካፈል 290። 5 ሊትሩ ለ5 ሲካፈል 270። እንግዲህ 3 ሊትሩን የገዛ ሰው አንድ አንድ ሊትር ሦስት ጊዜ ቢገዛ ይሻለው ነበር፣ 30 ብር ይተርፈው ነበር። 5 ሊትሩ ግን እውነትም ይረክሳል። ትንሹ ተወዷል፣ መካከለኛውም ተወዷል፣ ርካሹ ዳር ያለው ነው። ወጥ ሕግ የለውም፣ ለዚህ ነው በግምት የማይሆነው።

ለምን እንዲህ ይሆናል? አንዱ ምክንያት ዕቃዎቹ የገቡበት ጊዜ መለያየቱ ነው። ከሐምሌ 2016 ጀምሮ የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ፣ ከውጭ የሚገባ ዕቃ ዋጋ ቶሎ ቶሎ መቀያየሩን ሁላችንም አይተናል። ባለሱቁ 1 ሊትሩን ከቆየ ክምችት፣ 3 ሊትሩን ደግሞ ባለፈው ሳምንት በአዲስ ዋጋ ካመጣው፣ ሁለቱ ጎን ለጎን ተቀምጠው በሁለት ጊዜ ዋጋ ይሸጣሉ። ሌላው ምክንያት ደግሞ ቶሎ የሚሸጠውን መጠን ባለሱቁ በትንሽ ትርፍ መልቀቁ ነው። ብዙ ሰው የሚያነሳው 1 ሊትሩን ወይም 5 ሊትሩን ከሆነ፣ ሰው ዋጋውን በቃሉ የሚያውቀውም እነሱን ነው፤ በመሐል ያለው ላይ ትንሽ ቢጨመር ልብ የሚል የለም።

ስለዚህ ባለፈው ወር ያወጣችሁት ሒሳብ ለዚህ ወር አይሠራም። ዘይት፣ ዱቄት ወተትና የልብስ ሳሙና በገዛችሁ ቁጥር እንደገና አስሉ።

ስህተት 3፦ ከቁጥሩ ቀጥሎ ያለውን መለኪያ አለማንበብ

ነጠላ ዋጋ የሚጽፉ ሱቆች ሁሉንም በአንድ መለኪያ ላይጽፉ ይችላሉ። ለአንዱ የዱቄት ወተት ጣሳ «165 ብር በ100 ግራም»፣ ለሌላው «1,580 ብር በኪሎ» ተብሎ ሲጻፍ ዓይን ወዲያው ወደ 165 ይሄዳል። የመጀመሪያው ግን ኪሎው 1,650 ብር ነው፣ በኪሎ 70 ብር ይወደዳል። የ100 ግራሙን ወደ ኪሎ ለማምጣት አንድ ዜሮ መጨመር ይበቃል።

ከዚህ የሚከብደው ሊትርና ኪሎ ሲቀላቀሉ ነው፣ ይኼ ደግሞ ዘይት ላይ በደንብ ያጋጥማል። ዘይት ከውሃ ይቀላል። አንድ ሊትር የምግብ ዘይት ሲመዘን 920 ግራም አካባቢ ነው እንጂ አንድ ኪሎ አይሞላም። ስለዚህ 5 ሊትር ማለት 4.6 ኪሎ ገደማ ነው። ከላይ ያየነውን 5 ሊትር ውሰዱ፣ ሊትሩ 270 ነበር። አጠገቡ 4.5 ኪሎ የሚል ጀሪካን በ1,305 ብር አለ እንበል። ለ4.5 ሲካፈል ኪሎው 290 ይሆናል። 270 እና 290 ብቻ ያየ ሰው የመጀመሪያውን ይወስዳል። ግን 290ው የኪሎ ነው። ወደ ሊትር ለማምጣት በ0.92 አባዙት፣ 267 ብር ገደማ ይመጣል። የተወደደ የመሰለው ሊትሩን በ3 ብር ቀንሷል። ልዩነቱ ትንሽ ነው፣ ያም ቢሆን ቀድሞ 20 ብር ይወደዳል ተብሎ የተጣለው ዕቃ ነው የረከሰው።

ሶፍት ላይም ተጠንቀቁ። የአንዱ ጥቅል ዋጋ ብቻውን ምንም አይነግራችሁም፣ ምክንያቱም አንዱ ጥቅል 150 ቅጠል፣ ሌላው 250 ቅጠል ሊኖረው ይችላል። ማሸጊያው ላይ የቅጠሉ ብዛት ካለ በእሱ አካፍሉ፣ ባለ ሁለት ድርቡን ደግሞ ከባለ ሁለት ድርብ ጋር ብቻ አወዳድሩ።

ስህተት 4፦ የማይበላውን አብሮ መመዘን

የታሸገ ቱና፣ ባቄላ፣ ወይራ፣ በቆሎ፤ እነዚህ ፈሳሽ ውስጥ ነው ያሉት። ጣሳው ላይ ሁለት ክብደት አለ። ኔት ዌይት የሚለው ፈሳሹን ጨምሮ ነው። ድሬይንድ ዌይት የሚለው ፈሳሹ ከተደፋ በኋላ የሚቀረው ነው፣ እናንተ የምትበሉት ማለት ነው። ሁለተኛው ብዙ ጊዜ ከጣሳው ጎን በትንሽ ፊደል ስለሚጻፍ አዙራችሁ ፈልጉት።

ሁለት ቱና እንያዝ። አንደኛው 185 ግራም፣ 240 ብር፣ ፈሳሹ ሲወጣ 130 ግራም። ሁለተኛው 160 ግራም፣ 215 ብር፣ ፈሳሹ ሲወጣ 120 ግራም። በሙሉ ክብደቱ ካሰላችሁ የአንደኛው 100 ግራም 130 ብር ገደማ፣ የሁለተኛው 134 ገደማ ነው። አንደኛው የረከሰ ይመስላል። በዓሣው ብቻ ስታሰሉት ግን አንደኛው 185 ብር ገደማ፣ ሁለተኛው 179 ይሆናል። ተገለበጠ። መደርደሪያው ላይ ነጠላ ዋጋ የሚጽፍ ሱቅ ካለም በየትኛው ክብደት እንዳሰላው ራሳችሁ አረጋግጡ።

የቲማቲም ድልህም ከዚህ ይዛመዳል። አንዱ ጣሳ ላይ ከ28 እስከ 30 በመቶ፣ ሌላው ላይ ከ22 እስከ 24 በመቶ የሚል ታገኛላችሁ። ይኼ የድልሁን ወፍራምነት ነው የሚናገረው። ኪሎው የረከሰው ቀጭኑ ከሆነ ለአንድ ወጥ ብዙ ማንኪያ ይፈልጋል፣ ርካሽነቱም እዚያው ያልቃል።

ስህተት 5፦ የጎረቤቱን ወረቀት ማንበብ

አንዳንድ ሱቅ ወረቀቱን ከዕቃው በላይ፣ አንዳንዱ በታች ነው የሚለጥፈው። ሠራተኛ ዕቃ ሲሞላም የ3 ሊትሩ ወረቀት ላይ 5 ሊትሩ ሊቀመጥ ይችላል። ወረቀቱ ላይ የተጻፈውን መጠን ከእሽጉ ጋር አመሳክሩ። ባርኮድ ካለው የመጨረሻዎቹን አራት ቁጥሮች ማየት ይበቃል። ቅናሽ የሚል ወረቀት ሲለጠፍ ደግሞ ብዙ ጊዜ የሚቀየረው ትልቁ ቁጥር ብቻ ነው፣ ትንሹ የድሮው ሆኖ ይቀራል። ቅናሽ ላይ ያለን ዕቃ ሁልጊዜ ራሳችሁ አስሉ።

«ሁለት ሲገዙ» የሚለውም ያው ነው። የሁለቱን ዋጋ ለሁለቱ ድምር መጠን አካፍላችሁ ከአንዱ ትልቅ እሽግ ጋር አስተያዩት።

ስህተት 6፦ የሚበላሸውን ጨምሮ ማትረፍ

ነጠላ ዋጋ የሚሠራው እሽጉ ተሟጦ ሲያልቅ ነው። ሁለት ሰው ያለበት ቤት 900 ግራም ዱቄት ወተት ገዝቶ ከተከፈተ በኋላ ሩቡ ቢደፋ፣ የከፈለው ለ900 ቢሆንም የጠጣው 675 ነው። 900 ግራሙ 1,350 ብር ከሆነ ኪሎው 1,500 መስሎት ነበር፣ የደረሰበት ግን 2,000 ነው። 400 ግራሙ በ660 ብር፣ ማለትም ኪሎው 1,650 ሆኖ፣ ለዚህ ቤት ይረክስ ነበር። ለአምስት ልጅ ቤት ደግሞ መልሱ ሌላ ነው። ጣሳው ላይ ከተከፈተ በኋላ በስንት ሳምንት ይለቅ እንደሚል አንብቡ፣ ከዚያ ቤታችሁ በዚያ ጊዜ ውስጥ ስንት ግራም እንደሚጨርስ ገምቱና ከዚያ በላይ ያለውን መጠን ከውድድሩ አውጡት። ዘይትና ሳሙና ላይ ይኼ ብዙም አያሳስብም። ዱቄት ወተት፣ ማዮኔዝና የተከፈተ ድልህ ላይ ግን ከሒሳቡ በፊት መምጣት ያለበት ይኼ ነው።