ከሃይድሮጅን እስከ ብረት፦ ወረቀት ሳርም ሁሌ የሚገጥሙኝ ስህተቶች

«ሲሊከን ከሲሊከን ጋር ይዋሃድና ኒኬል ይሆናል።» ሰሞኑን ኮከቦች ንጥረ ነገሮችን እንዴት እንደሚሠሩ የሚጠይቅ ፈተና ሳርም የመጀመሪያው ወረቀት እንዲህ አለኝ። ሁለተኛውም። ሦስተኛው ላይ ስደርስ እስክሪብቶዬን አስቀምጬ ቡና ላፈላ ተነሳሁ።

ከየት እንደሚመጣ ይገባኛል። የሲሊከን ፕሮቶንና ኒውትሮን ሲደመር 28 ነው፤ 28 ሲደመር 28፣ 56 ነው፤ ኒኬል 56 ደግሞ አለ። ካርበን ከካርበን፣ ኦክስጅን ከኦክስጅን ሲዋሃድ ስለተማራችሁ ቀጥሎ የሲሊከን ተራ ይመስላል። አይደለም! ሲሊከን 14 ፕሮቶን አለው። ሁለት ሲሊከኖች ሲቀራረቡ መገፋፋታቸው በ14 ጊዜ 14፣ ማለትም በ196 ይለካል። ሂሊየም ግን ሁለት ፕሮቶን ብቻ ስላለው ከሲሊከን ጋር 2 ጊዜ 14፣ ማለትም 28 ነው፤ ሰባት እጥፍ ይቀላል። «ታዲያ ሙቀቱ ይጨምራ» እንዳትሉኝ። ወደ 3 ቢሊዮን ዲግሪ ሲደርስ የኮከቡ ጋማ ጨረር ራሱ ሲሊከኑን መሸርሸር ይጀምራል፤ ፕሮቶን፣ ኒውትሮንና ሂሊየም ይነቅልበታል። ያልፈረሱት ሲሊከኖች ይሄን ሂሊየም አንድ በአንድ ይውጣሉ። ሰልፈር 32 ይሆናሉ፣ ከዚያ አርጎን 36፣ ካልሲየም 40፣ ታይታኒየም 44፣ ክሮሚየም 48፣ ብረት 52፣ መጨረሻ ላይ ኒኬል 56። ቁጠሩት፣ ሰባት ጉርሻ ነው። አንድ ሲሊከን ሙሉ በሙሉ ሲፈርስ የሚወጣውም ሰባት ሂሊየም ነው። ድምራችሁ ልክ የመጣው ለዚህ ነው፤ መንገዱ ነው የተሳሳተው፣ እኔ ደግሞ ማርክ የምሰጠው ለመንገዱ ነው።

«ታዲያ ብረቱ የታለ?» ጥሩ ጥያቄ። በብዛት የምናውቀው ብረት 56 ነው፤ አብዛኛው የመጣውም ኮከብ ሲፈነዳ ከተረጨ ኒኬል 56 ነው። ኒኬሉ በ6 ቀን ገደማ ግማሹ ኮባልት ይሆናል፣ ኮባልቱ በ77 ቀን ግማሹ ብረት ይሆናል። ይሄ የወረቀት ላይ ወሬ አይደለም። በ1987 እ.ኤ.አ. የታየው ሱፐርኖቫ 1987ኤ ከጥቂት ወራት በኋላ ድምቀቱ በየ77 ቀኑ ገደማ በግማሽ ይቀንስ ነበር። ኮባልቱ ብረት ሲሆን ቁጭ ብለው አዩት ማለት ነው።

ፀሐይ ብረት አትሠራም። ካርበንና ኦክስጅን ላይ ትቆማለች፤ አሁን ያላት ብረት ከእሷ በፊት ከነበሩ ኮከቦች የወረሰችው ነው።

የራሴንም ልናዘዝ። ለዓመታት ሰሌዳ ላይ «ሁለት ሂሊየም ቤሪሊየም 8፣ ሌላ ሂሊየም ሲጨመር ካርበን» ብዬ ጽፌ አልፍ ነበር። አንዷ ተማሪ «ቤሪሊየሙ ሦስተኛው እስኪመጣ ይጠብቃል እንዴ?» አለችኝ። አይጠብቅም! የሴኮንድ ቢሊዮንኛ እንኳ ሳይሞላው ይፈርሳል። ግን በቀይ ግዙፍ ኮከብ እምብርት ውስጥ ሂሊየሙ በጣም ስለተጠቀጠቀ፣ አንዱ ሲፈርስ ሌላው ይሠራል፤ በማንኛውም ቅጽበት ለቢሊዮን ሂሊየም አንድ ያህል ቤሪሊየም ይገኛል። ካርበኑ በሙሉ የሚያልፈው በዚህ ቤሪሊየም በኩል ነው።